የሁለት ዓመቱ ሕግና የወረቀት መቁረጫው

የምሠራበት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ዕቃ የሚገዛው በአንድ ሕግ ነበር፤ በ2 ዓመት ውስጥ ዋጋውን የማይመልስ ማሽን አይገዛም። ሕጉን ያወጡት ባለቤቱ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ገንዘብ ተበድረው የተጨነቁበትን ዘመን ስለሚያስታውሱ ሕጉን በቀላሉ አይነኩትም። የመጨረሻው ክርክራችን የወረቀት መቁረጫ ማሽን ነበር።

አሮጌው መቁረጫ መጫኛው ላልቶ ወረቀቱን አጥብቆ አይዝም። ቢላዋው ሲወርድ ክምሩ ይንሸራተታል፤ የላይኛውና የታችኛው ወረቀት ልክ ይለያያል። ለደረሰኝ ጥራዝ ችግር የለውም፤ ለመጽሐፍ ግን አይሆንም። ስለዚህ የመጽሐፍ ሥራ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ጭነን ሌላ ማተሚያ ቤት እየወሰድን በክፍያ እናስቆርጣለን።

ሁለት አማራጭ ቀረበልን። ያገለገለ ማሽን በ600,000 ብር፣ አዲስ ማሽን በ1,200,000 ብር። ያገለገለውን የሚሸጠው ደላላ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሒሳቡን ሠርቶ መጣ፤ በዓመት 300,000 ብር ያድናል፣ በ2 ዓመት ዋጋውን ይመልሳል። አዲሱ በዓመት 400,000 ቢያድንም የሚመልሰው በ3 ዓመት ነው። ጋሼ ወረቀቱን አየት አድርገው «በይ እንግዲህ፣ አለቀ» አሉኝ።

የደላላው የዓመት ቁጥር ከእኔ ግምት ብዙም አልራቀም። ለሌላ ማተሚያ ቤት ከምንከፍለው ላይ መብራት፣ የቢላዋ ሙረዳ፣ መለዋወጫና ግብር ተቀንሶ፣ ያገለገለው ደግሞ በየጊዜው ለጥገና እንደሚቆም ታስቦ የወጣ ነው። የቆራጩን ደመወዝ አልቀነስኩም፤ ማሽን ተገዛም አልተገዛም ይከፈለዋልና። ጋሼ አሮጌውን ለማስጠገን ባለፈው ዓመት ያወጡትን 90,000 ብር እንዳስገባ ፈልገው ነበር። እሱንም ተውኩት። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ያ ገንዘብ የትኛውንም ማሽን ብንገዛ አይመለስም።

የተከራከርኩት ሁለቱ ዓመት በተቆጠረበት መንገድ ላይ ነው። ደላላው የዛሬውን ብርና የከርሞውን ብር እኩል ደመራቸው። እኛ ግን ከባንክ የምንበደረው በ20 በመቶ ነው። በዚህ ተመን ከአንድ ዓመት በኋላ የሚገኝ 300,000 ብር ዛሬ 250,000 ብር ነው፤ ለ1.2 ማካፈል ነው። የሁለተኛው ዓመት እንደገና ለ1.2 ይካፈልና 208,000 ይሆናል። የሁለቱ ዓመት ድምር 458,000 ብር ብቻ ነው። «መለሰ» የተባለው ማሽን ገና 142,000 ብር ይቀረዋል። የሦስተኛው ዓመት 174,000 ሲጨመር 632,000 ይደርሳል፤ ከ600,000 በላይ የሚተርፈው፣ ማለትም የተጣራው የዛሬ ዋጋ፣ 32,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የለም፤ መካኒካችን ማሽኑን ፈትሾ ከ3 ዓመት በላይ እንደማይሠራ ነግሮናል።

የአዲሱ ዕድሜ 8 ዓመት ተገመተ። በየዓመቱ 400,000 ብሩን በዚያው መንገድ ስናወርደው የመጀመሪያው ዓመት 333,000፣ የስምንተኛው 93,000 ብቻ ይሆናል። ድምሩ 1,535,000 ገደማ ነው፤ ዋጋው ሲቀነስ 335,000 ብር ይተርፋል። የጋሼ ሕግ ይህን ገንዘብ ሊያየው አይችልም፤ መመለሻው ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ጨርሶ አይቆጥርምና።

ጋሼ ግን ነጋዴ ናቸው፤ ደካማውን ቦታ ወዲያው አገኙት። «ልጄ፣ የ3 ዓመትን ትርፍ ከ8 ዓመት ትርፍ ጋር ታወዳድሪያለሽ? እኔ እኮ በ3 ዓመቱ ሌላ ያገለገለ እገዛለሁ።» ትክክል ናቸው። ዕድሜያቸው የተለያየ ማሽኖች ሲወዳደሩ የተጣራውን የዛሬ ዋጋ ለየዓመቱ እኩል ማከፋፈል ያስፈልጋል። ማካፈያው በየዓመቱ የሚገኝ 1 ብር በ20 በመቶ ወደ ዛሬ ሲወርድ የሚሰጠው ድምር ነው፤ ለ3 ዓመት 2.11፣ ለ8 ዓመት 3.84። ያገለገለው በዓመት 15,000 ብር ግድም፣ አዲሱ 87,000 ብር ይሰጣል። ያገለገለውን ደጋግመው ቢገዙም፣ ዋጋው ሳይንቀሳቀስ ቢጠብቃቸው እንኳ፣ አዲሱ ይበልጣል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሌላም ነገር ይናገራሉ፤ እኔ ይበልጥ የምወደው ይህኛውን ነው። ያገለገለው እንዳያከስር በዓመት ቢያንስ 285,000 ብር ማዳን አለበት። ከግምቱ በ15,000 ብር ብቻ ቢጎድል ኪሳራ ነው፤ የሞተሩ ጥቅልል አንዴ ቢቃጠል ያልቃል። አዲሱ ግን 313,000 ብር ድረስ ቢወርድም አያከስርም። አደገኛ የመሰለው ውድ ማሽን ሰፊ መተንፈሻ ነበረው፤ አስተማማኝ የመሰለው ርካሽ ግን ጠርዝ ላይ ቆሟል።

አንድ የኦዲት ባለሙያ ወዳጄ ወረቀቱን አይቶ፣ የ20 በመቶው ወለድ የዋጋ ንረትን በውስጡ ይዞ ሳለ የምናድነውን ብር ለ8 ዓመት ሳላሳድግ መያዜን ተቸ። የማስቆረጫ ክፍያ በየዓመቱ እንደሚጨምር አውቃለሁ። ሳላሳድግ የያዝኩት ሆን ብዬ ነው። እንዲህ መያዙ ይበልጥ የሚጎዳው ረጅም ዕድሜ ያለውን ማሽን ነው፤ አዲሱ በዚህም ላይ ካሸነፈ ስለ ንረት ግምት ከጋሼ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልገኝም።

ጋሼ በመጨረሻ የጠየቁት ግን ሕጋቸው ከየት እንደመጣ አሳየኝ። «ይሁን፣ አዲሱ ይሻላል። ባንኩ የሚሰጠኝ ግን የ3 ዓመት ብድር ነው። ከምን ልክፈል?» ሠራሁት። 1,200,000 ብር በ20 በመቶ በ3 ዓመት በእኩል ክፍያ ሲመለስ በዓመት 570,000 ብር ይጠይቃል፤ ማሽኑ የሚያመጣው 400,000 ነው። 170,000 ብር በየዓመቱ ከሌላ ኪስ መውጣት አለበት። ያ ኪስ ደግሞ ወረቀትና ቀለም የምንገዛበት ነው። የተጣራ የዛሬ ዋጋ ማሽኑ ሀብት እንደሚጨምር ይነግራል እንጂ በሁለተኛው ዓመት ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ካዝና ውስጥ ስለመኖሩ አይናገርም። የመመለሻ ጊዜ በጨረፍታም ቢሆን ያንን ያሳያል።

ስለዚህ ክርክሩ ከማሽኑ ወደ ብድሩ ዞረ። 240,000 ብር ከራሳችን ከፍለን ቀሪውን 960,000 ብር በዚያው ወለድ ለ5 ዓመት የሚያበድረን ፈለግን። እንዲህ ሲሆን የዓመቱ ክፍያ 321,000 ብር ነው፤ ማሽኑ ራሱ ከሚያመጣው ይከፈላል፣ 79,000 ብርም ይተርፋል። አበዳሪ እስኪገኝ ወራት ፈጀ። በመሀል ደላላው ያገለገለውን ለሌላ ሸጦ ነበር።

አዲሱ በመጀመሪያው ዓመት ያዳነው 400,000 ሳይሆን 370,000 ብር ግድም ነው። መብራት በጠፋባቸው ቀናት የተቸኮለባቸውን ሥራዎች እንደ ድሮው ጭነን ወስደናል። ጋሼ የ2 ዓመት ሕጋቸውን ለኮምፒውተርና ለአነስተኛ ፕሪንተር እንደያዙት ናቸው። እዚያ ላይ አልሟገታቸውም፤ ዕቃዎቹ ቶሎ ስለሚያረጁ ከመመለሻው ቀን በኋላ የሚቀር ብዙ ነገር የለም።