ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን የሚማሩት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ታክሲ ላይና ገበያ ላይ ይሰሙታል፣ ይናገሩታልም። ወደ አንቀጽ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳቸዋል። አንድን ዓረፍተ ነገር ብቻውን ደህና አድርገው ይረዱታል፤ ከየትኛው ቀጥሎ መምጣት እንዳለበት ሲጠየቁ ነው የሚቸገሩት። ለዚህ ነው የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል የማስቀመጥ መልመጃ ደጋግሜ የምሰጣቸው።

ባለፈው ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ባወጣሁት ቴስት ላይ እነዚህን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች አዘበራርቄ አቀረብኩ።

ሀ. በተጨማሪም ግንዱ ለቤት መሥሪያ ይሆናል።
ለ. በመሆኑም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋን ከበባት።
ሐ. ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ትልቅ ባለውለታ ነው።
መ. ቅጠሉ ለእንጀራ መጋገሪያ ያገለግላል።
ሠ. መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲተከል ፈጥኖ አደገ።
ረ. ይሁን እንጂ ውኃ ስለሚመጥ ይወቀሳል።

የመልስ ቁልፌ ሐ፣ ሠ፣ ለ፣ መ፣ ሀ፣ ረ ነበር። መጀመሪያ ኃይለ ቃሉ፣ ቀጥሎ የዛፉ አመጣጥ፣ ከዚያ ጥቅሙ፣ በመጨረሻ ወቀሳው። ስጽፈው አንድም ቦታ አልተጠራጠርኩም። እኔ አንቀጹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ጽፌ ነው ያዘበራረቅኩት፤ ስለዚህ ጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ ቅደም ተከተል አልነበረም። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

የታረመውን ወረቀት በመለስኩ ዕለት ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጠብቃ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገርም ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ልጅ ናት። መልሷ ሐ፣ መ፣ ሀ፣ ሠ፣ ለ፣ ረ ነበር። የሰጠኋት ከስድስት ሁለት ነው፤ በቦታቸው የተገኙት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ነበሩ።

«ቲቸር፣ የኔ ለምን ተሳሳተ?» አለችኝ።

«ሠ ከሐ ቀጥሎ ነው መምጣት ያለበት» አልኳት። «‹ይህ ዛፍ› ይላል እኮ። ‹ይህ› ከላይ የተጠራውን ባሕር ዛፍ ነው የሚያመለክተው።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ቅጠሉና ግንዱስ የዚሁ ዛፍ አይደሉም? ከነሱ በኋላም ‹ይህ ዛፍ› ይባላል» አለች። ቀጥላም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልጠፋውን ነገር ተናገረች። «ደግሞ ቲቸር፣ ባለውለታ ነው ካሉኝ በኋላ ውለታውን ነው የምጠብቀው።»

መልስ አጣሁላት። ለመልመጃ ያዘጋጀኋቸው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ለየብቻ ተቆርጠው የተጻፉባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ልጅቷ መ እና ሀን አንድ ላይ አድርጋ በግራ መዳፏ ያዘች፤ ሠ እና ለን ደግሞ በቀኝ መዳፏ። ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች ሳትበትን አንዴ ግራውን ወደ ላይ፣ አንዴ ቀኙን ወደ ላይ እያንሸራተተች አሳየችኝ። በሁለቱም መንገድ አንቀጹ ይነበባል።

ያየችው እውነት ነበር። ስድስት ዓረፍተ ነገሮች በ720 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። ይህን ብዛት የሚቀንሱት በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ያሉት ማሰሪያዎች ናቸው። «በመሆኑም ከተማዋን ከበባት» የሚለው ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያት የሚሆነው ደግሞ «ፈጥኖ አደገ» ብቻ ስለሆነ ለ ከሠ አይለይም። «በተጨማሪም ግንዱ» የሚለው በሌላ ጥቅም ላይ የሚጨመር ነው፤ ስለዚህ ሀ ከመ አይለይም። እስከዚህ ድረስ አሥሬያለሁ። ሁለቱን ጥንዶች እርስ በርስ የሚያስር ግን አንድም ቃል አላስቀመጥኩም። እኔ የተማመንኩበት «ይህ» እንደ ጣት ነው፤ የሚያመለክተው ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ሲገኝ ይጠቅማል። እዚህ ግን ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ስለ ዛፉ ስለሚያወሩ ጣቱ ከየትም ቦታ ሆኖ ዛፉን ያገኘዋል።

ከሰዓት ስታፍ ውስጥ የትምህርት ክፍላችንን ተጠሪ አገኘኋቸው። ረጅም ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የመልስ ቁልፉን ሳላሳይ ወረቀቶቹን ሰጠኋቸው። አጠገባቸው ለተቀመጠች ባልደረባዬም ሌላ ኮፒ ሰጠኋት። ባልደረባዬ የኔን ቅደም ተከተል አወጣች፤ ጋሼ የልጅቷን።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንቺ፣ ይኼን ጥያቄ ሳትሰሪው ነው የሰጠሽው?» አሉኝ።

«ራሴ የጻፍኩት አንቀጽ ነው ጋሼ።»

«እሱማ ነው ችግሩ። የጻፈው ሰው አይሠራውም፣ ያስታውሰዋል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፉን ላላየ ቢያንስ ለሁለት ሰው ሳላሠራ ጥያቄ አላትምም። ሁለቱ ከተለያዩ፣ የተለያዩበት ቦታ ላይ ማሰሪያ ጎድሏል ማለት ነው። የት እንደጎደለ ለመፈለግ ደግሞ አንቀጹን በሙሉ ከማንበብ ይልቅ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እያነሳሁ፣ «ሁለተኛው ውስጥ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ምን ቃል አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ምንም ካላገኘሁ እዚያ ላይ አንቀጹ ልቅ ነው።

የሁሉንም ወረቀት ሰብስቤ እንደገና ሳርም ሌላም ነገር ታየኝ። አንድ ልጅ መ፣ ሀ፣ ሠ፣ ለ፣ ረ፣ ሐ ብሎ መልሷል። አዲስ በተቀበልኩት የልጅቷ ቅደም ተከተል መሠረት በቦታ ብቆጥር ስድስቱም ከቦታቸው ስለተንሸራተቱ ዜሮ ያገኛል። ግን ልጁ የተሳሳተው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኃይለ ቃሉን መጨረሻ ላይ አኖረ። ማን ማንን ተከተለ ብዬ ስቆጥር ከአምስቱ ጥንዶች አራቱን አግኝቷል። ስለዚህ ነጥብ የምሰጠው በቦታ መሆኑ ቀርቶ በጥንድ ሆነ። የዚህን ልጅ ዜሮ አራት ሳደርገው የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ሐዘን ነበር፤ በቀደሙት ዓመታት በቦታ ቆጥሬ የጣልኳቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

ልጁ ለምን «ቅጠሉ» ብሎ እንደጀመረ ስጠይቀው ግን ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከሱ ነው። «ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ያገለግላል፣ ሁሉም ሰው ያውቃል» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሲያነበው «ቅጠል» ብሎ ነው ያነበበው። በአፋን ኦሮሞ «የሱ ቅጠል» ለማለት «ባላ ኢሳ» ይባላል፤ ባለቤትነቱን የሚናገረው «ኢሳ» ራሱን ችሎ ከስሙ ቀጥሎ የቆመ ቃል ነው፣ ዓይን ይስበዋል። በአማርኛ ግን ያ ሁሉ ነገር «ል» ወደ «ሉ» ስትለወጥ በዚያች በአንዲት ፊደል ውስጥ ነው ያለው። ማንበብ የለመደ አማርኛ ተናጋሪ «ቅጠሉ» ሲል «የምኑ?» ብሎ ሳያስበው ይጠይቃል። ልጁ አልጠየቀም፤ እኔም እንዲጠይቅ አላስተማርኩትም ነበር። ሳስተምር የኖርኩት «በመጀመሪያ»ን፣ «በተጨማሪም»ን፣ «ስለዚህ»ን፣ «ይሁን እንጂ»ን በሠንጠረዥ አድርጌ ነው። እነሱ ጎልተው የሚታዩ ስለሆኑ ልጆቹ ቶሎ ይይዟቸዋል። ሁሉም ዓረፍተ ነገር ግን በአያያዥ ቃል አይጀምርም። ከስድስቱ ውስጥ እንኳ ሦስቱ ብቻ ናቸው አያያዥ ያላቸው፤ የቀሩትን የሚያስሩት እንደ «ሉ» ያሉ ቅጥያዎችና እንደ «ይህ» ያሉ አመልካቾች ናቸው።

አሁን ክፍል ውስጥ መልመጃው ሲጀመር እርሳስ አንሡ እላለሁ። መደርደር ከመጀመራቸው በፊት በየወረቀቱ ላይ ወደ ኋላ የሚመለከተውን ቃል ወይም ፊደል ያከብባሉ። «ግንዱ» ላይ «ዱ» ይከበባል፤ የምኑ ግንድ? «በተጨማሪም» ይከበባል፤ በምን ላይ? «በመሆኑም» ይከበባል፤ ምን በመሆኑ? ምንም ክብ የሌለበት ወረቀት ከተገኘ ለመጀመሪያነት የሚታጨው እሱ ነው። በኛ አንቀጽ ውስጥ ክብ የሌለበት ሐ ብቻ ነው፤ ኃይለ ቃሉም እሱ ሆኖ ተገኘ። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፤ ኃይለ ቃሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት አንቀጽ አለ፣ ያኔ «በአጠቃላይ» ወይም «እንግዲህ» የሚል ክብ ይዞ ይመጣል። ለዚህም ነው «ኃይለ ቃል ማለት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው» ብለው እንዲያጠኑ የማልፈልገው።

ጥያቄውን ያስተካከልኩት በልጅቷ ሐሳብ ነው። ባለውለታ ካልን በኋላ ውለታው መምጣት አለበት ያለችው ልክ ነው፤ ኃይለ ቃሉ ቃል የገባው ስለ ጥቅም ነው እንጂ ስለ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ ሠን እንዲህ ለወጥኩት፦ «ይህን ሁሉ ጥቅም የሚሰጠው ዛፍ መነሻው አውስትራሊያ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲተከል ፈጥኖ አደገ።» የቀሩትን አልነካኋቸውም። የልጅቷንም ነጥብ ሙሉ አድርጌ፣ የቀየርኩበትን ምክንያት ለክፍሉ በሙሉ ተናገርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲሶቹን ወረቀቶች ለየቡድኑ አከፋፈልኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው ቡድን ውስጥ ልጅቷና ያ «ቅጠሉ» ብሎ የጀመረው ልጅ አብረው ተቀምጠዋል። ልጁ ሐን ከላይ አደረገ፤ ቀጥሎ ሠን አንሥቶ ከሥሩ ሊያስቀምጥ ሲል ልጅቷ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«‹ሁሉ› ይላል» አለችው። «የትኛው ሁሉ?»

ልጁ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ተመለከተ። «ቅጠሉ» ብሎ አንድ ጣቱን አጠፈ፤ «ግንዱ» ብሎ ሁለተኛውን። ከዚያ ሠን አነሣና ሁለቱ ገብተው እንዲቀመጡ ቦታ ለቀቀላቸው።