18 ደረጃ

ሥዕሉን ለግንባታ ፈቃድ ሳስገባ ልቤ ሙሉ ነበር። ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ነው። ሳይት ፕላኑ፣ የወለል ፕላኖቹ፣ ቤቱን ከውጭ የሚያሳየው ኤሌቬሽን፣ ቤቱን ቆርጦ ከፍታውን የሚያሳየው ሴክሽን፣ የጣሪያ ፕላኑ፣ ስትራክቸራሉ፣ ሁሉም አለ። የሰሜን ምልክትና ስኬል እንኳ አልረሳሁም።

መርማሪዋ ሌላውን ገጽ ገና አላየችም። የወለል ፕላኑን ከሴክሽኑ ጎን አስቀምጣ እርሳስ አነሳች።

«እስቲ ደረጃዎቹን ይቁጠሩልኝ።»

ቆጠርኩ። 18።

«አንዱ ስንት ሴንቲሜትር ይወጣል?»

«16.7» አልኩ። ማስታወሻው ላይ ተጽፏል።

አባዛችው፤ 3 ሜትር መጣ። ሴክሽኑ ላይ ግን ከወለል እስከ ወለል 3.30 ይላል። ሠላሳ ሴንቲሜትር የት ገባ?

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ «ጣሪያው ከፍ ይበልልኝ» ብሎ ነበር። ሴክሽኑንና ኤሌቬሽኑን አስተካከልኩ። የወለል ፕላን ከፍታ ስለማያሳይ ደረጃውን ዞር ብዬም አላየሁት።

ቢሮ ተመልሼ 3.30ን ለ18 አካፈልኩ፤ 18.3 ሴንቲሜትር ሆነ። ለዚህ ሥራ የተቀመጠው ገደብ ደግሞ 18 ነው። ቀላሉ መፍትሔ 20 ማድረግ መሰለኝ፤ እያንዳንዱ 16.5 ይሆናል። ግን ደረጃው መሃሉ ላይ በማረፊያ የሚታጠፍ ነው። 20 ካልን ሁለቱም ወገን አንድ አንድ መርገጫ ይጨምራል። መርገጫው 28 ሴንቲሜትር ስለሆነ ማረፊያው ከነግድግዳው በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይገፋል። ግድግዳው ደግሞ ከወሰኑ የሚርቀው ለዚህ ቦታ የተጠየቀውን 3 ሜትር ብቻ ነው። ወደ 2.72 ይወርዳል ማለት ነው። የደረጃ ስህተት ሳይት ፕላን ድረስ ሄዶ ፈቃድ ሊያስከለክል!

19 አዋጣን። አንዱ 17.4 ገደማ ይሆናል። ትርፏን ደረጃ የታችኛው ወገን መጀመሪያ ላይ ጨመርናት። ሳሎኑ 28 ሴንቲሜትር አጣ፤ ግድግዳው ካለበት ንቅንቅ አላለም። የማረፊያው ከፍታ ግን ከ1.50 ወደ 1.74 ሜትር ስለወጣ፣ ስትራክቸራሉ ላይ የማረፊያው ቢም፣ ኤሌቬሽኑ ላይ ደግሞ መስኮቱ አብረው ተነሱ። ይህንንም ብንረሳ ኖሮ ሁለተኛ ዙር እንመለስ ነበር።

የተቀየረውን ሁሉ በቀይ ከበብን፤ የሪቪዥን ቁጥሩንና ቀኑን ታይትል ብሎኩ ላይ ጻፍን። ለእያንዳንዱ አስተያየት «በዚህ ገጽ ተስተካክሏል» የሚል መልስ አያያዝን። መርማሪ ገጽ እያገላበጠ እንዲፈልግ ማድረግ ራስን መጉዳት ነው።

አሁን ከማስገባቴ በፊት ሁሉንም ገጽ አትሜ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ። ሲታተም ወረቀቱን እንዲሞላ ተብሎ ከሆነ ስኬሉ ይዛባልና መጀመሪያ አንዱን ልኬት በማስመሪያ አረጋግጣለሁ። ከዚያ ደረጃውን ይዤ ከፕላን ወደ ሴክሽን፣ ከሴክሽን ወደ ስትራክቸራል፣ ከዚያ ወደ ኤሌቬሽን እሄዳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ደግሞ መቁጠር ጀመረ» እያሉ ይስቁብኛል።