የተማሪን ደብተር ለፖርትፎሊዮ ፎቶ ሳነሳ

የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ የደረሰኝ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ተግባራዊ ምርምሬ ልጆች የቃል ጽሕፈት ሲጽፉ ሳልስና ኃምስ ፊደላትን ለምን እንደሚያምታቱ የሚመለከት ነው። «ቤት» ሲባሉ «ቢት»፣ «ሴት» ሲባሉ «ሲት» የሚጽፉ ልጆች አሉ። ማስረጃው ደብተራቸው ላይ ስለሆነ ለኮሌጁ በማስረክበው የሥራ ስብስብ፣ በፖርትፎሊዮዬ፣ ለማስገባት ገጾቹን ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ።

ኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ ይሰጣል፤ ርዕሰ መምህሩ ይቀበለዋል። ብዙ እጩ መምህራን ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ደብዳቤው ግን ትምህርት ቤቱ እንዲያስገባን እንጂ የልጅን ጽሑፍ አንስተን እንድንወስድ አይፈቅድም። ደብተሩ የልጁ ነው፤ ለልጁ የሚወስን ወላጅም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ከዚህ በኋላ ነገሩን በቸልታ እንዳናልፈው የሚያደርግ ነው።

ወላጆችን ያናገርኩት ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ነው። ማንበብ ለማይችሉት በቃል አስረዳሁ፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ምስክር ሆነው መልሱን መዘገቡ። አሻራ ማስደረግ አልፈለግኩም። አሻራ ሲባል ሰው ዕዳ የገባ ያህል ይደነግጣል፤ ደንግጦ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይባልም። «ፌስቡክ ላይ ይወጣል?» ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አይወጣም አልኳቸው። ፖርትፎሊዮው ግን ኮሌጁ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሊያዩት እንደሚችሉም ነገርኳቸው።

ከሁሉም የሚከብደው የልጁ ፈቃድ ነው። ማርክ የሚሰጥህ መምህር ፊትህ ቆሞ «ደብተርህን ፎቶ ላንሳው?» ቢልህ፣ በዘጠኝ ዓመትህ እንዴት እምቢ ትላለህ? ስለዚህ መጠየቁን ከማርኩ ለየሁት። ውጤቱ ተመዝግቦ ካለቀ በኋላ፣ እነሱን የማታርም አንዲት የኮሌጅ ጓደኛዬ ገብታ ጠየቀቻቸው። የተስማማ ብጣሽ ወረቀት ላይ ራይት፣ ያልተስማማ ኤክስ አድርጎ አጥፎ ሰጣት። የቃል ጽሕፈቱን ሁሉም ጻፉ፣ የሁሉም ታረመ። ፎቶውን ያነሳሁት ከክፍል ውጭ ስለሆነ ማን እምቢ እንዳለ ጓደኞቹ አላወቁም።

አንድ ልጅ ራይት አድርጎ ነበር። ደብተሩን ሲሰጠኝ ግን ገጹን በመዳፉ ሸፈነው። እኔ ይህን እንደ እምቢታ ቆጠርኩት፤ ምክንያቱንም አልጠየቅኩትም። ልጆች በአፋቸው የማይሉትን በእጃቸው ይናገራሉ፤ ወረቀት ላይ የተደረገ ምልክት ያንን አይሽረውም።

ስለ ምስሉም ልናገር። ፎቶ ካነሱ በኋላ ስሙን በስልክ መሸፈን አይበቃም፤ ዋናው ፎቶ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ስሙ ላይ ወረቀት ደርቤ ነው ያነሳሁት። ተራ ቁጥርም ያው ስም ነው። በእኛ ክፍል ሮስተሩ በፊደል ተራ ስለሚሞላ ቁጥሩን ያየ ሰው ልጁን ያገኘዋል። ስለዚህ የራሴን የተዘበራረቀ ኮድ ሰጠሁ፤ የኮዱን ዝርዝር ፖርትፎሊዮው ውስጥ አላስገባሁም። የስልኩን የቦታ መረጃና ወደ Google Photos በራሱ የሚጭነውን ነገር አስቀድሜ አጠፋሁ። ማርክ ያለበትን ገጽም አላነሳሁም፤ ለምርምሩ «ቢት» የሚለው ቃል እንጂ ከአሥር ሦስት ማግኘቱ አይጠቅመኝም።

ይህን ሁሉ አድርጎም የእጅ ጽሑፍ ይቀራል። ውጤቱን ለትምህርት ቤቱ መምህራን ሳቀርብ ፎቶ አላሳየሁም። በየቀኑ የሚያርሙ መምህራን የማን ጽሑፍ እንደሆነ ወዲያው ያውቁታል። ስህተቶቹን ራሴ ጽፌ አቀረብኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት የቃል ጽሕፈት ሳይሆን «ቤተሰቤ» በሚል ርዕስ ድርሰት ማስጻፍ ነበር። ስሞክረው አንዲት ልጅ አረብ አገር ስለሄደችው እናቷ ጻፈች። ለኔ ጥናት የሚሆኑ ስህተቶች የሞሉበት ጽሑፍ ነው። አልተጠቀምኩበትም። ልጅቷ የጻፈችው ለመምህሯ ነው፤ ለፊደል ጥናት የእናቷን ናፍቆት ሰው ፊት ማውጣት አልነበረብኝም። ከዚያ ወዲህ ወደ ቃል ጽሕፈት ዞርኩ። የሚቀርብኝ ነገር አለ፤ ልጆች በራሳቸው ቃል ሲጽፉ የትኛው ላይ እንደሚሰናከሉ አላይም። ይህንን በጥናቱ ውስንነት ውስጥ ጽፌዋለሁ።

ለምርምሩ ተስማምተው፣ ፖርትፎሊዮው ኮሌጅ እንዲቀመጥ ያልፈለጉ ወላጆችም ነበሩ። በልጆቻቸው ገጽ ፋንታ በኮምፒውተር የተተየበ ቅጂ አስገባሁ። ፎቶዎቹንም ፖርትፎሊዮው እንደታረመ ከስልኬ አጠፋኋቸው።