«ስንት ካለሽ ይበቃሻል?» ከመባሉ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን አበሾች ስለ ገንዘብ ስንጫወት ወሬው ሁልጊዜ ከቁጥር ይጀምራል። ክርስትና ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ አንዱ «አንድ ሚሊዮን ካለህ ተገላገልክ» ይላል። ሌላው «በዚህ ኑሮ? ሁለትም አይበቃ» ብሎ ይመልሳል። ከሥራ ከተገላገሉ በኋላ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን እየሠሩ እንደሚውሉ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ቤታችን ውስጥ ሲካሄድ የኖረውም ክርክር ይኸው ነበር። ባለቤቴ ትልቅ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ ቁጥሩን ስሰማ እስክሞት ሌሊት የምሠራ ይመስለኛል።

ነርስ ነኝ። ሆስፒታል በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ነርሲንግ ሆም እገባለሁ። ባለቤቴ ኤርፖርት ነው የሚሠራው። ሁለታችንም ወደ ሃምሳ እየተጠጋን ነው።

የቤተክርስቲያናችንን ሒሳብ የሚይዙ አንድ ጋሼ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሒሳብ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረቀት ይዤ ሄጄ «ስንት ብናጠራቅም ይሻላል?» ብዬ ስጠይቃቸው ወረቀቱን አላዩትም። «ቁጥሩን ለጊዜው ተዪው ልጄ» አሉኝ። «ነፃ ወጣሽ እንበል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የት ነሽ? ማን አለ አጠገብሽ?» ለምን ማክሰኞ እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ። «እሁድማ ሁሉም ነጠላውን ለብሶ ቤተክርስቲያን ነው። እሁድን አይተሽ የሰው ኑሮ አታውቂም።»

ያዘዙን ሥራ ቀላል ይመስላል። ሁለታችንም ለየብቻችን፣ አንዳችን የሌላውን ሳናይ፣ ያንን ማክሰኞ እንድንጽፍ ነው። ቁጥር መጻፍ ክልክል ነው። ከሥር ደግሞ ሦስት ነገር ይጨመራል፦ አሁን ካለው ኑሮ እንዲቀር የምፈልገው፣ ገንዘብ ባይቸግረኝም የማልተወው፣ በእኔ ላይ የተደገፈ ሰው ማን ማን እንደሆነ።

ወረቀቶቹን ስናገናኝ የሁለት አገር ሰዎች የጻፉት ይመስል ነበር። የባለቤቴ ማክሰኞ ቢሾፍቱ ነው፤ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ፣ አብሮ አደጎቹ ዙሪያውን። የእኔ ማክሰኞ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ ተነስቻለሁ፣ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ትንሹን ልጄን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣዋለሁ። ሥራ መተው የሚል ነገር ወረቀቴ ላይ የለም። «የማልተወው» በሚለው ስር የጻፍኩት እንዲያውም ነርስነቴን ነው። እንዲቀር የፈለግኩት ሌሊቱና የሳምንት መጨረሻው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ቁጥሩ የተበተነው። የቤታችን ወጪ በወር 6,400 ዶላር ገደማ ነው። ሞርጌጁ ከነቤት ግብሩና ኢንሹራንሱ 2,400፣ አስቤዛ 900፣ መኪናዎቹ ከነነዳጁ 850፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 450፣ ሕክምና 400፣ ወደ አገር ቤት 800፣ የቀረው ጥቃቅን 600። ሥራ ለማቆም ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ እዚህ አገር የሚዘወተረው ስሌት «የዓመት ወጪህን በ25 አባዛ» ይላል። ሲባዛ 1,920,000 ዶላር ይመጣል። ባለቤቴ ሲጠራው የነበረው ቁጥር ይኸው ነው።

ይህ ስሌት የመጣው ዊሊያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ካወጣው ጥናት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀምከው 4 በመቶ፣ ማለትም ሃያ አምስተኛውን፣ ብታወጣ፣ ከዚያም በየዓመቱ በዋጋ ንረቱ ልክ እየጨመርክ ብትሄድ፣ ገንዘቡ 30 ዓመት ይዘልቃል ወይ ብሎ በአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ ላይ የመረመረ ሰው ነው። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ሥራ ያቆመ ሰው፣ 30 ዓመት፣ በዶላር። በሃምሳ ዓመቱ የሚያቆም ሰው ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ማሰብ አለበት። ሥራ ማቆም ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ስሌቱ ከመነሻው ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ሒሳቡም ሌላ ሆነ። ነርሲንግ ሆሙን ብተው በወር 1,500 ዶላር ይቀርብኛል። ከሌሊት ወደ ቀን ብዛወር ለሌሊት የሚጨመረው 400 ይቀራል። በድምሩ 1,900። አሁን ከወጪያችን ተርፎ የምናስቀምጠው 1,300 ስለሆነ እውነተኛው ጉድለት በወር 600 ዶላር ነው። ይህም ዘላለማዊ አይደለም። የመኪናው ብድር 380 ዶላር ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ለታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ የምልከው 150 ዶላርም በዚያው ጊዜ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ጉድለቱ 70 ዶላር ነው፤ እሱን ከጥቃቅኑ መቀነስ ይቻላል። የሁለቱ ዓመት ጉድለት 14,400 ዶላር። ለእኔ ነፃነት የሚያስፈልገው ይህና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የጥቂት ወራት ወጪ ነው። ከ1,920,000 ጋር አስተያዩት።

ጋሼ ይህን ሲያዩ ደስ አላላቸውም፤ ሁለት ነገር አስመረመሩኝ። አንደኛው የጤና ኢንሹራንስ ነው። ወደ ቀን ስዛወር ሰዓቴ እንዳይቀነስና ከኢንሹራንሱ እንዳልወጣ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ሦስት የአሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት 36 ሰዓት ነው፣ እኔ ያለሁበት ቦታ እንደ ሙሉ ጊዜ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው፤ ይህን ብዙዎቻችን አናውቀውም። የጡረታው ገንዘብ የሚሰላው ብዙ ገቢ ባገኘሽባቸው 35 ዓመታት ነው። በሠላሳ ዓመቱ አሜሪካ የገባ ሰው 62 ላይ ቢያቆም የሠራው 32 ዓመት ብቻ ስለሆነ የጎደሉት ሦስቱ በዜሮ ይገቡለታል። ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል ሥራ፣ ይበቃል ሲባል የምንሰማው እውነት ነው፤ ግን ማግኘትና ብዙ ማግኘት ይለያያሉ። ssa.gov ላይ አካውንት ከፍቶ በየዓመቱ የተመዘገበውን ገቢ ማየት ይቻላል። እኔ ሳየው የሳምንት መጨረሻውን ሥራ መተው የወደፊት ጡረታዬን ትንሽ ይቀንሰዋል እንጂ አያፈርሰውም። የሆስፒታሉ የ401ኬ የጡረታ ቁጠባ መዋጮም ከደሞዜ ቀድሞ ስለሚቆረጥ እንደነበረ ይቀጥላል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን «በእኔ ላይ የተደገፈ» የሚለው ነበር። በወር የምንልከው 800 ዶላር አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደለም። 350ው የእናቴ ነው፣ መድኃኒቷና የምታግዛት ልጅ ደሞዝ። 150ው የወንድሜ ነው። 300ው በዓመት ሲካፈል የሚደርሰው የለቅሶ፣ የሠርግ፣ የድንገተኛ ሕክምና ነው። የገንዘብ ባለሙያ ቢሆን ጊዜያዊውንና ቋሚውን ለይተሽ አስቀምጪ ይልሻል፣ ትክክልም ነው። የወንድሜን ጊዜያዊ ብዬ ጻፍኩ። የእናቴ ጋ ስደርስ ግን «እስከ ስንት ዓመት?» የሚለውን ሳጥን መሙላት አልቻልኩም። ቋሚ ብዬ ተውኩት። የዓመቱ በ25 ቢባዛ 105,000 ዶላር ነው፤ ይሁን። የማይሆን ሒሳብ ነው የሚለኝ ሰው የእናቱን ዕድሜ ራሱ ይጻፍ።

የ300ው ጉዳይ ግን ልጓም አስፈልጎታል። የዓመቱን ድምር፣ 3,600 ዶላር፣ ለብቻው አስቀመጥነው፤ ካለቀ የሚቀጥለው ዓመት ድረስ አለቀ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ሲለቀቅና ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ብዙ ሰው የሚልከውን ሊቀንስ አስቦ ነበር። የገበያው ዋጋም አብሮ ስለወጣ እኔ የእናቴን በዶላር አልነካሁትም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥራ እየቀነስኩ መሆኔን ለዘመድ አልተናገርኩም። «ነፃ ወጣች» ከተባለ በማግስቱ አዲስ ስልክ መደወሉ አይቀርም።

የባለቤቴ ቢሾፍቱ ብዙ የሚያከራክር ነበር። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውን ኢትዮጵያ ሆኖ መቀበል ይችላል። ሜዲኬር ግን በመሠረቱ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሕክምናን አይከፍልም፣ የሚጀምረውም በ65 ዓመት ነው። ከ401ኬ ላይ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ በመደበኛው ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለበት። ስለዚህ አሁን ጠቅልሎ ቢገባ የሚቸግረው የቤቱ ዋጋ ሳይሆን የሕክምናው ወጪ ነው፤ ከ65 በፊት ሜዲኬር የለም፣ ከ65 በኋላም እዚያ አይከፍልለትም። ጋሼ «ሳትገዛው ኑረው» ብለው መከሩት። ፈቃድ ወስዶ ሄዶ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ስልክ ሲደውልልኝ መጀመሪያ ላይ ስለ ሐይቁ ነበር ወሬው። በኋላ ላይ «ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጓደኞቼ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው» አለኝ። ከልጆቹ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነትም አሰልቺ ሆነበት። ተመልሶ ሲመጣ ወረቀቱን ራሱ ለወጠው፤ እዚህ ብርዱ ሲበረታ፣ ከገና እስከ ፋሲካ ድረስ እዚያ፣ ሌላውን ጊዜ እዚህ። ቤት መግዛት የሚለው ተሰረዘ፣ ኪራይ ገባ።

ይህ ሥዕል ሁለት ሚሊዮን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአውሮፕላን ቲኬት፣ የኪራይና የቀለብ ወጪ፣ በእነዚያ ወራት የሚቀርበት ደሞዝ፣ የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስና ከሁሉም በላይ ይህን ያህል ጊዜ የሚለቀው ቀጣሪ ነው። የመጨረሻው በገንዘብ አይገዛም። ቀጣሪው እምቢ ካለ ሌላ ሥራ መፈለግ ወይም ሞርጌጁ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በጣም የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ።

እኔ የቀን ሺፍት ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፣ ነርሲንግ ሆሙንም የምለቅበትን ወር ነግሬያቸዋለሁ። የባለቤቴ ዓምድ ላይ ግን እስካሁን ቁጥር የለም። ያለ ክፍያ ረጅም ፈቃድ ይሰጡት እንደሆነ አለቃውን ገና አልጠየቀም፤ ከመስከረም በፊት እጠይቃለሁ ብሏል።