«በልቼ ነው የመጣሁት» ስል

ሐሙስ ማታ

ጓደኛዬ ልተኛ ስል የላከልኝ ቀልድ ሁለት መስመር ብቻ ነው።

ማንም፦
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አእምሮዬ፦ ለቅሶ ቤት ገብተህ «እንኳን አደረሳችሁ» ያልክበትን ቀን ታስታውሳለህ?

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ምን እንዳሳቀኝ መመርመር ጀመርኩ። የቀልድ ጣዕም የሚገድል ጠባይ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ ይህኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ነገሩ ያለው «ማንም» ከሚለው በኋላ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። አጻጻፉ የተውኔት ነው፤ የተናጋሪው ስም ይቀድማል፣ ንግግሩ ይከተላል። እዚህ ግን ተናጋሪው ማንም ስለሆነ የተናገረው ነገር የለም። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ትዊተር ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. ተስፋፍቶ ከዚያ ወደ ሌሎች ቋንቋዎችም የገባ ነው። ባዶው መስመር አንባቢውን ለአፍታ ጸጥታ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ክፍሉ ጨልሟል፣ የጠየቀ የለም፣ የነካህ የለም። ቀጥሎ አእምሮ ያለ ጥሪ ይመጣና አሥር ዓመት የሞላውን ሀፍረት ይዘረግፈዋል። የሚያስቀው ሀፍረቱ ራሱ ሳይሆን ያለ ምክንያት መምጣቱ ነው። እያንዳንዳችን ደግሞ እንዲህ የሚያደርገው የእኔ አእምሮ ብቻ ነው ብለን በልባችን ይዘነው ኖረናል።

ቅርጹ ሲለመድ ግን ብዙ ሰው ለጌጥ ይለጥፈው ጀመር። «ማንም፦»፣ ከሥሩ «በፍጹም ማንም፦»፣ ከዚያም ሥር «አንድም ነፍስ፦» እያሉ ባዶ መስመር ይደረድራሉ። ዝምታ ሲደጋገም አይበዛም፤ አንባቢውን ብቻ ያስጠብቃል። እኔ ቀላል መፈተኛ አለኝ፤ የመጀመሪያውን መስመር በአውራ ጣቴ እሸፍንና የቀረውን አነባለሁ። የለቅሶው ቀልድ መስመሩ ሲሸፈን ይቀዘቅዛል፤ ተራ ትዝታ ይሆናል። ትናንት ያየሁት ሌላው ግን እንዲህ ይላል፦ «ማንም፦ / እኔ ደመወዝ ሲገባ፦ አዲስ ጫማ ያስፈልገኛል።» የመጀመሪያው መስመር ቢሸፈን ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም መስመሩ ይዋሻል፤ የጠየቀው ማንም አይደለም፣ ደመወዙ ነው። ምክንያት ያለው ስሜት ባዶ መስመር አይፈልግም። የዚያ ቦታ ሌላኛው ቅርጽ ነው፤ «እኔ እንዲህ ሲሆን» ተብሎ ከሥሩ ፎቶ የሚቀመጥበት።

ይህኛው ከቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ጋር ያጫውተኝ ከጀመረ ቆይቷል። ዋናው ምስጢር ዓረፍተ ነገሩ አለመጠናቀቁ ነው። ጽሑፉ ሁኔታውን ተናግሮ አፉን ይዘጋል፤ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያመጣው ፎቶው ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ስሜቱን በስሙ ከጠራው ለፎቶው ሥራ አይተርፈውም። «በጣም ሳፍር» ብሎ ያፈረ ሰው ፎቶ መለጠፍ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነው።

ባለፈው ሳምንት የሠራሁትን ልጻፈው። ስሜቱ ይህ ነበር፦ ሰው ቤት ሄደህ ምግብ ሲቀርብ በወጉ እምቢ ትላለህ። የመጀመሪያው እምቢታ እውነት እንዳልሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ባለቤቷ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያለች ልትለምንህ ይገባል፤ አንተም ተሸነፍኩ ብለህ ትቀርባለህ። ታዲያ አንዳንድ ቀን አትለምንህም።

መጀመሪያ የጻፍኩት «እኔ እንግድነት ሄጄ ሲርበኝ» የሚል ነበር። ምንም አይልም፤ ረሃብ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። ቀጥዬ «እኔ 'በልቼ ነው የመጣሁት' ብዬ ሲርበኝ» አልኩት። ውሸቱ ስለገባ ተሻለ፤ ግን ባለቤቷ የለችበትም፣ ጥፋቱም ሁሉ የእኔ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ፦

እኔ «በልቼ ነው የመጣሁት» ስል ባለቤቷ አምናኝ ትሪውን ስታነሳ፦

ቀልዱን የተሸከመችው «አምናኝ» የምትለው ቃል ናት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ንፉግም አይደለችም፤ የሰውን ቃል ያከበረች ጨዋ ናት። አሳዛኙም ይኸው ነው፤ የምትከሰው ሰው የለም። ትሪውም ሆን ብዬ የመረጥኩት ነው። «ምግቡን ስታነሳ» ብል ዓይን የሚከተለው ነገር አይኖርም ነበር፤ ትሪ ግን ከፊትህ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ ወደ ጓዳ ሲገባ ይታያል።

ፎቶው ሌላ ጣጣ ነበር። መጀመሪያ እንባው የሚወርድ ሰው አስቀመጥኩበት፤ ቀልዱ ሞተ። እንግዳው ማልቀስ አይችልማ! የስሜቱ እንብርት ፊትህ ጨዋ ሆኖ እንዲቆይ መገደድህ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉም የሚያውቀውን የዝንጀሮ አሻንጉሊት አመጣሁት፤ ከአንድ የድሮ የጃፓን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት የመጣውን፣ ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን አዙሮ ወዲያው ሌላ ነገር እንደሚያይ የሚያስመስለውን። አፉ ምንም አይልም። የቀረውን ተመልካቹ ከራሱ ሆድ ይጨምርበታል። በእነዚህ ቀልዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ፊት ጥቂት የሚናገር ፊት ይመስለኛል፤ ጮክ ያለ ፊት የሚሠራው ነገሩ ራሱ ኢምንት ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ ስኳር ያነሰው ሻይ ሲያስለቅስህ።

ለጠፍኩት። መልሶቹን ሳነብ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር «አስቂኝ ነው» ያለ ሰው አለመኖሩን ነው። አንዱ «ሰላይ አስቀምጠህብኛል» አለ። ዋሽንግተን የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «እዚህ እኮ አንዴ ነው የሚጠይቁህ፤ የመጣሁ ሰሞን በወጌ የተነሣ ስንት ቀን ጾሜን አድሬአለሁ» ብላ ጻፈች። ትሪው በጠበበ ቁጥር ከበው የተቀመጡት በዙ። ሦስቱንም ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳያቸው፣ ስለ ሰው ሁሉ የተጻፈው ማንንም አላገኘም፤ አንዲት ሴትና አንድ ትሪ ያሉበት ግን ውቅያኖስ ተሻገረ።

እዚህ ላይ «እኔ» የሚለው ነገር ይገርመኛል። የሚጽፈው ሰው «እኔ» ይላል፤ የሚያነበው ሰው ግን ራሱን ነው የሚያስገባበት። የሚያጋራው ደግሞ አንድም ቃል ሳይጨምር የራሱ አድርጎ ይልከዋል። በግልጽ ቢናገሩት የሚያሳፍር ነገር በዚህ መንገድ ሲወጣ ባለቤት የለውም፤ ሁሉም አለሁበት ይላል፣ ማንም አልተናዘዘም። ከዚህ የተነሣ እውነተኛ ጭንቀት ያለበት ሰውም በዚሁ ቅርጽ ቢጽፍ የሚደርሰው የሳቅ ምልክት ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ዘመዳችን «እኔ ስልኬ ለሳምንት ሳይጮህ» ብሎ ሲለጥፍ ሁላችንም ሳቅንበት፤ የደወለለት ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ለማንኛውም ቅርጹን የማያውቅ ሰው «እኔ»ን እንደ ወረደ ነው የሚያነበው። ቀልዱን በለጠፍኩ በማግስቱ አክስቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ራበኝ ብትል ምን ነበረበት?»

ቀልድ መሆኑን፣ «እኔ» ማለት እዚያ ላይ የሚያነበው ሰው ሁሉ ማለት እንደሆነ፣ ሰዎች በየቤታቸው እንደሳቁበት አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለች። «ግን ባለፈው እኔ ቤት የመጣህ ዕለት 'በልቼ ነው የመጣሁት' ብለኸኝ አልነበረም?»