ታኅሣሥ በስቶክሆልም፦ የፀሐይ ያለህ!

እህቴ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደውላ «ደሞዝ አለሽ፣ ቤትሽ ይሞቃል፣ ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ የጠፋው?» አለችኝ። ብዙዎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ልመልስ።

በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እኔ ቢሮ የማጸዳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው። በጨለማ እገባለሁ፣ በጨለማ እወጣለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የቱንም ያህል ብተኛ እንቅልፍ አልጠግብም ነበር። ዳቦና ጣፋጭ ብቻ ያምረኛል፤ ስልክ ማንሳት ያስጠላኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ደም ከወሰደች በኋላ «በየቀኑ ወጣ ብለሽ ተራመጂ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ መወልወያ ይዤ ደረጃ ስወጣ ስወርድ የምውል ሰው ተራመጂ ስባል ደሜ ፈላ። እኛ አገር በእግሩ የሚሄደው የታክሲ ያጣ ነው! አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። በምርመራው ቫይታሚን ዲ ብቻ አንሶ ተገኘና ኪኒን ታዘዘልኝ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ምክንያቱን አለማስረዳቷ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቫይታሚን ዲ የቆዳ ጉዳይ ነው፤ ለስሜት የሚጠቅመው ብርሃን ግን የሚገባው በዓይን ነው። ዓይናችን ውስጥ ለአንጎል «ነግቷል» ብለው የሚናገሩ ሴሎች አሉ። መልእክቱ ካልደረሰ የእንቅልፍ ሆርሞኑ ሜላቶኒን ሰዓቱን ይስታል። የቤት አምፖል ደግሞ አቅም የለውም። በብርሃን መለኪያው በሉክስ ቢለካ፣ ሳሎን ውስጥ 200 ቢገኝ ነው። ውጪ ግን ሰማዩ ደመና ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ከ1,000 ያልፋል። ደረጃ መውጣቴ ለጉልበቴ እንጂ ለዚህ አልጠቀመኝም።

ጂም የለኝም፣ ጊዜም የለኝም። ያለኝ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ያለው የቡና ዕረፍት ነው። ስዊድኖቹ «መጥፎ የአየር ጠባይ የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» ይላሉ፤ ፊካ የሚሉት የቡና ዕረፍት ሲደርስ ግን ሁሉም ሻማ ለኩሶ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። የኛ ሰው ደግሞ «ብርድ ይመታሻል» ይላል። እኔ ቡናዬን በክዳን ኩባያ ይዤ ሕንፃውን እዞራለሁ። ኮፍያዬን ከቅንድቤ ከፍ አደርጋለሁ፣ ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ከምሳ በኋላም እንደዚያው። ማታ ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ሰውነት ያፍታታል፣ ብርሃኑን ግን አይተካም።

መጀመሪያ የሚስተካከለው እንቅልፍ ነው፤ ጠዋት መነሳት ይቀላል። ስሜት ዘግይቶ ይከተላል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልቀለላችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ፣ ይሄ በእግር የሚፈታ አይደለም። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ «ሰው ምን ይለኛል» አይሠራም።

ልትመጡ የምታስቡ፣ ሥራ ስትቀበሉ ደሞዙን ብቻ አትጠይቁ። ዕረፍቱ በብርሃን መሆኑን፣ መውጣት መፈቀዱንም ጠይቁ። ጫማ ላይ የሚታሰረውን የበረዶ ሾህም ግዙ። በረዶ ላይ ወድቆ እጁ የተሰበረ ሰው ወር ሙሉ ቤት ይቀመጣል።