ከባሕር ማዶ ሻጭ ስገዛ አሁን ከመመለሻው ደንብ እጀምራለሁ

ያገለገሉ የካሜራ ሌንሶችን ከውጭ አገር ሻጮች መግዛት ከጀመርኩ ቆየሁ። በቅርቡ አንድ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ይዞ መጣብኝ፤ መልሼም የከፈልኩትን ገንዘብ በሙሉ ተቀበልኩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ባለ ጉዳይ ሙሉ ገንዘብ ተመልሶልኝ ስለማያውቅ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ያዳነኝ ከመክፈሌ በፊት ለሻጩ የጻፍኩት አንድ ጥያቄ ነበር። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት የሻጭ ማጣራት ልምዴን ከመነሻው ላስቃኛችሁ።

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች አብዛኞቻችሁ ስለምታውቋቸው አልዘገይባቸውም። የራሱ ድረ ገጽ ያለው መደብር ሲሆን አድራሻውን lookup.icann.org ላይ አስገብቼ Created የሚለውን መስመር አያለሁ። «ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለ የቤተሰብ ሱቅ» ነኝ የሚል መደብር አድራሻው የተመዘገበው ባለፈው ወር ከሆነ ገጹን እዘጋለሁ። ዕድሜው የረዘመ አድራሻ ግን በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ የቆየ አድራሻ ተሽጦ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። የዕቃውን ፎቶግራፍ በምስል መፈለጊያ እፈልጋለሁ። ላገለገለ ዕቃ ደግሞ የዕለቱ ቀን በእጅ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አዲስ ፎቶግራፍ እንዲያነሱልኝ እጠይቃለሁ። ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ይህን ለማድረግ ብዙም አይቸገርም።

የገዢዎችን አስተያየት በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። በመደብሩ በራሱ ገጽ ላይ የተለጠፉትን ጨርሶ አላነብም፤ የትኛው እንደሚቆይና የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው ሻጩ ነውና። በገለልተኛ መድረኮች ላይም ቢሆን አማካዩ ኮከብ ብዙም አይነግረኝም። ብዙ መደብሮች ገዢውን አስተያየት የሚጠይቁት ገና እንዳዘዘ ነው። ስለዚህ ከባለ አምስት ኮከቦቹ መካከል «ማዘዙ ቀላል ነበር፣ ዕቃውን በጉጉት እየጠበቅሁ ነው» የሚሉ በርካታ ታገኛላችሁ። እነዚህ ሰዎች ዕቃውን አላዩትም። እኔ የምፈልገው ችግር ገጥሞት ከሻጩ ጋር የተነጋገረ ገዢ የጻፈውን ነው። በአስተያየቶቹ መፈለጊያ ውስጥ refund እና return የሚሉትን ቃላት አስገብቼ የሚወጡትን ብቻ አነባለሁ። የተለያዩ ገዢዎች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል «መጀመሪያ 15 በመቶ፣ ቀጥሎ 30 በመቶ ልመልስልህ አሉኝ፤ ዕቃውን ለመመለስ ግን አድራሻ አልሰጡኝም» ብለው ከጻፉ የዚያን ሻጭ አሠራር አውቄዋለሁ ማለት ነው።

እንዲህ እያልኩ ነው ዛሬ ከሁሉ የምታገለው የመመለሻ ደንብ ላይ የደረስኩት። ብዙ ሰው «በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለውን አንብቦ ያልፋል። እኔ ግን ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፦ ቆጠራው ከየትኛው ቀን ይጀምራል? ዕቃው የሚመለሰው ወደየት ነው? የመመለሻውን ማጓጓዣስ የሚከፍለው ማን ነው?

ከቆጠራው እንጀምር። አንድ መደብር «ዕቃው ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ መጋዘናችን መድረስ አለበት» ብሎ ጻፈ እንበል። የማዘጋጃው ጊዜ 5 ቀን፣ መንገዱ ደግሞ 18 ቀን ቢሆን ዕቃው እጃችሁ የሚገባው በ23ኛው ቀን ነው። የቀራችሁ 7 ቀን ሲሆን የመልሱ መንገድም ሌላ 18 ቀን ይፈጃል። በወረቀት ላይ የመመለስ መብት አላችሁ፣ በተግባር ግን የለም። ቆጠራው ዕቃውን ከተረከባችሁበት ቀን የሚጀምር ከሆነና በቀነ ገደቡ ውስጥ መላካችሁ ብቻ በቂ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ የመላኪያውን ገጽና የመመለሻውን ገጽ ጎን ለጎን ከፍቼ ቀኖቹን እደምራለሁ። ይህን ሒሳብ ሳልሠራ አሁን ምንም አላዝም።

አድራሻው ደግሞ የሻጩን ማንነት ይገልጣል። በአንድ የአውሮፓ ከተማ ስም የሚጠራ፣ «ሱቃችንን ልንዘጋ ስለሆነ በቅናሽ እንሸጣለን» የሚል መደብር የመመለሻ አድራሻው ሌላ አህጉር ያለ መጋዘን ሆኖ ሲገኝ ሱቁ በዚያች ከተማ መኖሩን መጠራጠር ይገባል። አድራሻ ጨርሶ የማይጽፉም አሉ፤ «ለመመለስ ሲፈልጉ ያነጋግሩን» ብቻ ይላሉ። ይህ ሁልጊዜ የማታለል ምልክት አይደለም፤ በርካታ መጋዘን ያላቸው ሐቀኛ ሻጮችም እንደዚያ ያደርጋሉ። እኔ ግን አድራሻውን ሳላውቅ የመመለሻውን ወጪ ማስላት አልችልም። ሌላው የምወደው ዘዴ ከደንቡ ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቀድቼ በትምህርተ ጥቅስ መፈለግ ነው። ያው ዓረፍተ ነገር በብዙ መደብሮች መገኘቱ ብቻውን አያስደነግጠኝም፣ ዝግጁ ቅጽ መጠቀም የተለመደ ነውና። ሲገለብጡት የሌላ መደብር ስም ሳይነሣ የቀረበት ደንብ ካገኘሁ ግን እዚያ አልገዛም።

ወጪው ላይ ስንመጣ ደግሞ የሻጩ ስሌት ይገለጥልናል። ሌንሱ 90 ዶላር፣ መከታተያ ቁጥር ያለው የመልስ ማጓጓዣ 40 ዶላር ነው እንበል። የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ መልሳችሁ የምታተርፉት 50 ዶላር ነው። ሻጩ «ዕቃውን ያዙትና 30 በመቶ ልመልስ» ካለ 27 ዶላርና አንድ የተበላሸ ሌንስ ይኖራችኋል። ብዙ ገዢ ይህን የሚቀበለው ስለረካ አይደለም፤ ማሸጉን፣ ወረፋውንና ጥበቃውን ሲያስበው 23 ዶላር ስለማይታየው ነው። ሻጩም ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ለዚህ ነው የመመለሻው ወጪ ከዋጋው ግማሽ የሚደርስ ከሆነ ሻጩ እንደሚከፍል በጽሑፍ ካላረጋገጠልኝ የማልገዛው። ይህ የራሴ መስመር ነው፤ አትሥሩበት ብትሉኝም አልቀየርም።

ወደ ሻጋታው ሌንስ ልመለስ። ሻጩ በዝርዝሩ ላይ «ብርጭቆው ንጹሕ ነው» ብሎ ነበር። ከመክፈሌ በፊት ሌንሱን ባገኘሁበት የኢንተርኔት ገበያ የራሱ መልእክት መለዋወጫ በኩል እንዲህ ስል ጠየቅሁት፦ «የውስጡ ብርጭቆ ከገለጻው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ወደየትኛው አድራሻ እመልሳለሁ? ማጓጓዣውንስ ማን ይከፍላል?» እሱም እሱ እንደሚከፍል ከነአድራሻው መለሰ። በስልክ መልእክት መተግበሪያ እንነጋገር ብሎ ቢሆን ኖሮ አልቀጥልም ነበር፤ ከገበያው ውጭ የተባለ ነገር በክርክር ጊዜ ማስረጃነቱ ደካማ ነው።

የከፈልኩት በፔይፓል ሲሆን የመረጥኩት Goods and Services የሚለውን ነው። ሻጭ ቅናሽ እሰጣለሁ ብሎ በ Friends and Family ክፈል ካላችሁ ተዉት፤ ያ መንገድ ለወዳጅ ገንዘብ መላኪያ ስለሆነ የገዢ ጥበቃ የለውም። በባንክ ሐዋላ መክፈልም ለማላውቀው ሻጭ የማላደርገው ነው።

ጥቅሉን ስከፍት መለያ ወረቀቱ እየታየ በቪዲዮ ቀረጽሁ። ከዚያም በሌንሱ በአንዱ ጫፍ የስልክ መብራት አብርቼ በሌላው ጫፍ ተመለከትሁ። የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ከጠርዙ ወደ መሐል ተዘርግተዋል። ሻጩ በመጀመሪያ 15 በመቶ አለኝ፣ ከዚያ 30። ሁለቱንም በትሕትና ተውኩና ፔይፓል ላይ ቅሬታ ከፈትሁ። ይህን ለማድረግ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለ። ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ሰዓት ነው፦ ቅሬታው ከተከፈተ በኋላ በ20 ቀን ውስጥ ለፔይፓል ውሳኔ ካልተመራ በራሱ ይዘጋል። የተዘጋ ቅሬታ ደግሞ ዳግም አይከፈትም።

ሻጩ ያን ጊዜ «ቅሬታውን ዝጋልኝ፣ ወዲያው ገንዘቡን እልካለሁ» አለ። አልዘጋሁም፤ ገንዘቡ ቅሬታው ክፍት እያለም ሊመለስ ይችላል። ከመግዛቴ በፊት የጻፈልኝን መልስ ምስሉን አንሥቼ ከቪዲዮው ጋር አያያዝሁት። ከዚያ በኋላ ወጪው የተከፈለበት የመላኪያ መለያ ላከልኝ፣ ሌንሱ ሲደርሰውም ሙሉው ገንዘብ ተመለሰ። የጉምሩክ ቅጹ ላይ ተመላሽ ዕቃ የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ እንዳትረሱ፤ ካልሆነ በሻጩ አገር እንደ አዲስ ግዢ ቀረጥ ሊጠየቅበትና ጥቅሉን አልረከብም ሊል ይችላል።

በካርድ በቀጥታ ለምትከፍሉ ደግሞ መንገዱ ባንካችሁን ክፍያው እንዲመለስ መጠየቅ ነው። በቪዛና በማስተርካርድ ለአብዛኞቹ የዕቃ ቅሬታዎች የሚሠራው ገደብ 120 ቀን ነው፤ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር እንደ ቅሬታው ዓይነት ይለያያል። በፔይፓልና በባንክ በኩል በአንድ ጊዜ ግን አትሂዱ፤ ባንኩ ሲገባበት ፔይፓል የራሱን ጉዳይ ይዘጋዋል።

እስካሁን ያልፈታሁት ባትሪ ያለው ዕቃ ነው። ብዙ የፖስታ አገልግሎቶች ሊቲየም ባትሪን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ፤ ሻጩ ግን ከፋብሪካ በልዩ ውል ስለሚልክ ወደ እኛ ይደርሳል፣ ወደ እሱ አይመለስም። ፍላሽና የካሜራ ማረጋጊያ ለመግዛት እያሰብሁ ያቆመኝ ይኸው ነው። ለጊዜው እንዲህ ያለውን ዕቃ የምገዛው የመመለሻ መጋዘኑ እኔ ባለሁበት አገር ከሆነ ሻጭ ብቻ ነው፤ ምርጫው ይጠባል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ባትሪ ያለበት ዕቃ ድንበር አሻግሮ የመለሰ ሰው ካለ በየትኛው አጓጓዥ እንደላከና ምን ሰነድ እንደተጠየቀ ቢጽፍልኝ በጣም እፈልገዋለሁ።